3,000 ዶላሩን የማልልክልህ ለምንድን ነው? «በሳምንት አሥር በመቶ» ስለሚባለው የፎሬክስ ንግድ ለወንድሜ የተጻፈ ማብራሪያ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የላክኸውን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰምቼ፣ ፎቶዎቹንም አንድ በአንድ ተመልክቼ ነው ይህን የምጽፍልህ። ለፎሬክስ ንግዱ የጠየቅኸኝን 3,000 ዶላር አልልክልህም። ይህን ገና ከመጀመሪያው የነገርሁህ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ድረስ በተስፋ እያነበብህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው።

እምቢ ያልሁት አንተን ስለማላምንህ አይደለም። ሥራ ፍለጋ የተንከራተትህበትን ጊዜ አውቃለሁ፣ ለእማዬም ሸክም መሆን እንደማትፈልግ አውቃለሁ። ነገር ግን ሥራዬ እዚህ ባንክ ውስጥ ደንበኞች «ተጭበርብሬአለሁ» ብለው የሚያመለክቱባቸውን የገንዘብ ዝውውሮች መመርመር ስለሆነ፣ አንተ የገለጽህልኝን አሠራር ከመነሻው እስከ መድረሻው ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ስለዚህ «አይሆንም» ብዬ ብቻ ዝም ማለት አልፈለግሁም። አንተ ያነሣሃቸውንና ልታነሣቸው የምትችላቸውን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። ይኸው አሠራር ወደ ሌሎች ዘመዶቻችንም እየደረሰ መሆኑን ስለሰማሁ፣ ከፈለግህ ደብዳቤውን አስነብባቸው።

የጠየቅኸኝ ነገር በትክክል ምንድን ነው?

በመልእክትህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል፤ መጀመሪያ እነሱን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ፎሬክስ ነው፤ ይህም የአንድን አገር ገንዘብ በሌላ አገር ገንዘብ መግዛትና መሸጥ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ካሉት ገበያዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በቴሌግራም የምታውቀው «አካውንት ማኔጀር» ያቀረበልህ ውል ነው፤ አንተ ገንዘብ ታስገባለህ፣ እሱ በአንተ ስም ይነግዳል፣ በየሳምንቱ 10 በመቶ ትርፍ ይከፍልሃል፣ ሌላ ሰው ብታመጣ ደግሞ ሰውየው ካስገባው ላይ 5 በመቶ ይሰጥሃል።

የመጀመሪያው በእርግጥ ያለ ንግድ ነው፤ ሁለተኛው ግን የመጀመሪያውን ስም የተዋሰ ሌላ ነገር ነው። «ፎሬክስ እኮ ሕጋዊ ነው፣ ባንኮችም ይሠሩታል» ያልኸኝ ትክክል ነው፤ የባንኮቹ ንግድ መኖር ግን ማኔጀሩ ገንዘብህን በእርግጥ እዚያ ገበያ ውስጥ ማስገባቱን አያረጋግጥም።

ፎሬክሱ ራሱስ? በትንሽ ገንዘብ ብዙ ማትረፍ አይቻልም?

ማኔጀሩን ለጊዜው እንተወውና አንተ ራስህ በታማኝ ደላላ ድርጅት፣ ማለትም በብሮከር በኩል ብትነግድ ምን እንደሚሆን እንይ። የዋና ዋና ገንዘቦች ዋጋ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ከአንድ በመቶ በታች ነው። 1,000 ዶላር ይዞ የገባ ሰው ግማሽ በመቶ ቢያተርፍ የሚያገኘው 5 ዶላር ብቻ ነው። በዚህ ማንም አይበለጽግም፤ ስለዚህ ብሮከሩ ሌቨሬጅ ይሰጣል። ሌቨሬጅ ማለት በእጅህ ያለውን ጥቂት ገንዘብ እንደ መያዣ አድርጎ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ግብይት እንድትፈጽም መፍቀድ ማለት ነው። ሌቨሬጁ 1 ለ 100 ከሆነ በ1,000 ዶላር መያዣ የ100,000 ዶላር ግብይት ትከፍታለህ። አሁን ግማሽ በመቶው 5 ዶላር ሳይሆን 500 ዶላር ሆነ ማለት ነው፤ በቪዲዮው ላይ ያሳዩህ ደስታ የመጣው ከዚህ ነው።

ዋጋው በተቃራኒው ሲሄድም ስሌቱ ያው መሆኑን ግን ቪዲዮው አይነግርህም። ሌቨሬጁን ሙሉ በሙሉ ከተጠቀምህበት አንድ በመቶ ብቻ ቢቀንስብህ 1,000 ዶላሩ በሙሉ ይጠፋል፤ እንዲያውም ከዚያ ቀደም ብሎ መያዣህ ሲሳሳ ብሮከሩ ግብይቱን ራሱ ይዘጋዋል። አንተ የላክህልኝ ማስታወቂያ ላይ 1 ለ 500 ይላል። በዚህ ሌቨሬጅ ገንዘብህን ለመጨረስ 0.2 በመቶ ይበቃል። ዩሮ በ1.1000 ዶላር እየተሸጠ ነው እንበል፤ 0.2 በመቶ ማለት 22 ፒፕ ነው፣ ፒፕ የምንለውም ከነጥቡ በኋላ ያለው የአራተኛው አኃዝ አንድ እርምጃ ነው። ይህን ያህል እንቅስቃሴ የአሜሪካ የሥራ ስምሪት መግለጫ በሚወጣበት ቀን በደቂቃዎች ውስጥ ሊታይ ይችላል። በዚህ ምክንያት ነው የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተራ ደንበኞች የሚሰጠውን ሌቨሬጅ በዋና ዋና ገንዘቦች ላይ ከ1 ለ 30 እንዳይበልጥ የወሰኑት፤ እዚህ አሜሪካም ጣሪያው 1 ለ 50 ነው። 1 ለ 500 የሚሰጥህ ድርጅት ከእነዚህ ቁጥጥሮች ውጭ ሆኖ ነው የሚሰጥህ።

ሌላው ወጪ ስፕሬድ ነው፤ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። በ100,000 መጠን ግብይት ላይ አንድ ፒፕ 10 ዶላር ገደማ ነው። ስፕሬዱ አንድ ተኩል ፒፕ ቢሆን፣ ግብይቱን በከፈትህ ቅጽበት 15 ዶላር ከፍለሃል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በወር ሃያ ቀን ብትነግድ ክፍያው 900 ዶላር ይደርሳል፤ ይህም ካስገባኸው 1,000 ዶላር ላይ ነው። ማለትም በግምትህ ግማሽ ጊዜ ትክክል ብትሆንና ግማሽ ጊዜ ብትሳሳት እኩል አትወጣም፣ ትከስራለህ።

የአውሮፓ የሴኪውሪቲዎችና ገበያዎች ባለሥልጣን ገደቡን ሲያወጣ ባቀረበው ማስረጃ፣ ይህን ዓይነት ንግድ ከሚሠሩት የተራ ደንበኞች ሒሳቦች ውስጥ እንደየአገሩ ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት የሚከስሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ፈቃድ ያላቸው ብሮከሮች ከደንበኞቻቸው ስንት በመቶው እንደሚከስር በድረ ገጻቸው ላይ የመጻፍ ግዴታ አለባቸው። አንዱን ከፍተህ ጽሑፉን ራስህ ማንበብ ትችላለህ፤ ሕጋዊዎቹ ድርጅቶች ራሳቸው የሚያምኑት እውነት ነው።

«ታዲያ ነፃ ሲግናል፣ ማለትም መቼ ግዛ መቼ ሽጥ የሚል ምክር የሚሰጡት፣ ትምህርት የሚያስተምሩት ምን አግኝተው ነው?» ትለኝ ይሆናል። ብዙ ጊዜ በእነሱ ሊንክ የተመዘገበ ሰው በነገደ ቁጥር ከብሮከሩ ኮሚሽን ያገኛሉ። አንዳንድ ብሮከሮች ደግሞ የደንበኛውን ግብይት ወደ ገበያ አያወጡትም፤ ራሳቸው ተቃራኒ ወገን ሆነው ይይዙታል፤ በዚያን ጊዜ ደንበኛው የከሰረው ለእነሱ ትርፍ ነው። ስለዚህ አስተማሪው ሊጠቀም የሚችለው አንተ ብዙ በመነገድህ እንጂ በማትረፍህ ላይሆን ይችላል።

ማኔጀሩ ግን ባለሙያ ነው፤ በሳምንት 10 በመቶ አይችልም?

እስኪ አብረን እናስላው። 3,000 ዶላር በየሳምንቱ 10 በመቶ እያደገ ትርፉም ሳይወጣ ቢቀጥል በዓመቱ መጨረሻ 142 እጥፍ ሆኖ 426,000 ዶላር ይደርሳል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል። በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆነው ባለሀብት ዋረን በፌት የመራው ኩባንያ የአክሲዮን ዋጋ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሉት ዐሥርተ ዓመታት ያደገው በአማካይ በዓመት 20 በመቶ ገደማ ነው። ማኔጀርህ በሁለት ሳምንት አደርገዋለሁ የሚለው በፌት በዓመት ያገኘውን ነው ማለት ነው።

ሰውየው ይህን በእውነት የሚችል ቢሆን ኖሮ የእኔ 3,000 ዶላር አያስፈልገውም ነበር። ከየትኛውም ቦታ በከፍተኛ ወለድ ተበድሮ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዕዳውን ከፍሎ የራሱን ሀብት ይገነባ ነበር። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን የመጠኑ ትልቅነት ሳይሆን እኩልነቱ ነው። በእውነተኛ ንግድ ውስጥ አንዱ ሳምንት ትርፍ፣ ሌላው ኪሳራ ይሆናል። በየሳምንቱ ያለ ማዛነፍ ተመሳሳይ ቁጥር የሚመጣው ቁጥሩን የሚጽፈው ገበያው ሳይሆን ሰው ሲሆን ነው።

ጓደኛዬ ግን ትርፉን በእጁ ተቀብሏል፤ ይህስ እንዴት ይሆናል?

በመልእክትህ ውስጥ በጣም ያሳመነህ ነገር ይህ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር። ጓደኛህ 500 ዶላር አስገብቶ ለሦስት ሳምንት በየሳምንቱ 50 ዶላር ተቀበለ። በእርግጥ በእጁ ገብቶለታል፣ አልዋሸህም። ነገር ግን 500 ሰጥቶ 150 ተቀብሏል፤ ቀሪው 350 እስካሁን ያለው በሰዎቹ እጅ ነው። እሱ «500 ዶላሬ እንዳለ ሆኖ 150 አተረፍሁ» ይላል፤ 500ው እንዳለ የሚያውቀው ግን ስክሪኑ ላይ ስላየው ብቻ ነው። የከፈሉት 50 ዶላር ከራሱ ከ500ው ተቀንሶ ተመልሶለት ሊሆን እንደሚችል አስብ።

እማዬ የምትጥለውን እቁብ አስታውስ። ዐሥር ሰው በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥል ዕጣው የሚወጣለት ሰው 10,000 ብር ይወስዳል። እቁቡ ሲያልቅ እያንዳንዱ የጣለውን ያህል ወስዷል፤ ማንም አላተረፈም፣ ማንም አልከሰረም፤ ዳኛውም ጸሐፊውም ይታወቃሉ። አሁን ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ «ቀድማችሁ የገባችሁ ከጣላችሁት በላይ ትወስዳላችሁ» ቢል፣ ከሣጥኑ ውጭ የሚመጣ ገንዘብ ስለሌለ፣ ትርፉ ሊወጣ የሚችለው ገና ተራው ካልደረሰው ሰው ጥሎሽ ነው። ይህ አሠራር ፖንዚ ይባላል። ከፒራሚድ የሚለየው በፒራሚድ ውስጥ አባሉ ገንዘብ የሚያገኘው ሰው በማምጣቱ መሆኑን ሲያውቅ፣ በፖንዚ ግን ንግድ ተሠርቶ የተገኘ ትርፍ እየተቀበለ ስለሚመስለው ነው። የአንተ ማኔጀር ሁለቱንም አጣምሯል።

በቁጥር እንየው። ዐሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው 3,000 ዶላር አስገቡ እንበል፤ 30,000 ሆነ። ሰውየው 20 በመቶውን ለራሱ ቢወስድና 5 በመቶውን ሰው ላመጡት ቢከፍል 22,500 ይቀራል። ለዐሥሩ ሰዎች በየሳምንቱ 10 በመቶ ለመክፈል 3,000 ዶላር ያስፈልገዋል፤ ምንም ንግድ ሳይሠራ ለሰባት ሳምንት ያህል መክፈል ይችላል ማለት ነው። ሰባቱ ሳምንት ሌላ ዐሥር ሰው ለማምጣት ይበቃል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ «በእጄ ተቀብያለሁ» ብለው ይመሰክሩለታል። አዲሶቹ ዐሥር ሰዎች ሲመጡ ግን ሳምንታዊው ክፍያ ወደ 6,000 ዶላር ያድጋል፤ የእነሱ 22,500 ደግሞ ለአራት ሳምንት እንኳ አይበቃም። ቀጥሎ ሃያ ሰው ያስፈልጋል፣ ከዚያ አርባ። የሚያቆመው የሰው ቁጥር ማለቁ ነው።

ማኔጀሩ «ትርፉን አታውጣው፣ ይደግልህ» እያለ የሚመክረውም ለዚህ ነው። በስክሪን ላይ ቁጥር መጨመር ምንም ወጪ የለውም፣ ከሣጥኑ የሚወጣ ገንዘብ ግን መጨረሻውን ያቀርበዋል። ጓደኛህ አንተን ያመጣህ በክፋት አይደለም፤ ሳያውቀው የሰዎቹ ምስክር ሆኗል። አንተም ከተቀበልህ በኋላ ወደ አጎታችን ልጆች የምትሄደው በቅን ልቦና ይሆናል፤ ገንዘቡ ሲጠፋ ግን እነሱ የሚያውቁት ማኔጀሩን ሳይሆን አንተን ነው።

ስክሪኑ ላይ የሚታየው ትርፍ ከየት ይመጣል?

የላክህልኝ ፎቶዎች ሜታትሬደር ከሚባለው የመነገጃ ፕሮግራም የተነሡ ናቸው። ፕሮግራሙ ትክክለኛና በብዙ ብሮከሮች ዘንድ የሚሠራበት ነው። ሆኖም ፕሮግራሙ መስኮት ብቻ ነው፤ በመስኮቱ የሚታየውን ዋጋና ሒሳብ የሚልከው የብሮከሩ ሰርቨር ነው፣ ሰርቨሩን የያዘው ሰው ደግሞ የፈለገውን ቁጥር ሊያሳይህ ይችላል። ከዚህም በቀለለ መንገድ፣ ማንኛውም ሰው ለልምምድ የሚሆን ዴሞ አካውንት በደቂቃዎች ውስጥ ከፍቶ 100,000 የውሸት ዶላር ሊሞላበትና የነገደበትን ፎቶ ሊያነሣ ይችላል።

ማጣራት ከፈለግህ ፎቶ አትቀበል። ሜታትሬደር «የኢንቬስተር ይለፍ ቃል» የሚባል አለው፤ ይህን የያዘ ሰው ሒሳቡን ማየት ይችላል፣ መነገድ ወይም ገንዘብ ማውጣት ግን አይችልም። ስለዚህ ለማኔጀሩ ምንም አደጋ የለውም። ጠይቀውና ከሰጠህ፣ እያንዳንዱ ግብይት የተከፈተበትን ሰዓትና ዋጋ ተመልክተህ በዚያው ደቂቃ በሌላ የታወቀ ብሮከር ላይ ዋጋው ስንት እንደነበረ አስተያየው። የሰርቨሩ ሰዓት ከአዲስ አበባ ሊለይ ስለሚችል ያንን አስቀድመህ አስላ። ከገበያው ጋር የማይገጥም ዋጋ ካገኘህ ግብይቱ አልተፈጸመም። ሁሉም ቢገጥምም ግን ዴሞ ሊሆን ስለሚችል ይህ ብቻውን አያረጋግጥልህም።

«የአሜሪካ ፈቃድ አለው» ብለህ የላክህልኝ ወረቀትስ?

ወረቀቱን በጥንቃቄ አይቼዋለሁ። እሱ የሚለው ድርጅቱ በአሜሪካ ግምጃ ቤት ሥር ባለው ፊንሰን በሚባለው መሥሪያ ቤት «የገንዘብ አገልግሎት ንግድ» ሆኖ መመዝገቡን ነው። ይህ ምዝገባ ድርጅቶች ራሳቸው በኢንተርኔት ቅጽ ሞልተው የሚያስገቡት ነው፤ ፊንሰንም ምዝገባው ድርጅቱን የማረጋገጥ ወይም የመደገፍ ምልክት እንዳልሆነ በግልጽ ያሳስባል። የሰውን ገንዘብ ይዞ ፎሬክስ ለመነገድ የሚያስችል ፈቃድ አይደለም።

እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ሦስት ዓይነት ሆነው ይመጣሉ፤ አንዱ ይኸው ነው። ሁለተኛው የእንግሊዝ የኩባንያዎች መዝገብ የምስክር ወረቀት ነው፤ ይህም ማንም ሰው በጥቂት ክፍያ ኩባንያ ማቋቋሙን ብቻ የሚያሳይ ሲሆን፣ የፋይናንስ ፈቃድ የሚሰጠው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ሦስተኛው በካሪቢያን በምትገኘው በሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ የተመዘገበ ኩባንያ ነው፤ የዚያች አገር ተቆጣጣሪ ለፎሬክስ ንግድ ፈቃድ እንደማይሰጥ ራሱ አስታውቋል። ሦስቱም ወረቀቶች እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ችግሩ የሚያረጋግጡት ነገር እኛ ከጠየቅነው የተለየ መሆኑ ነው።

በአሜሪካ ለተራ ሰው ፎሬክስ የሚያገበያይ ድርጅት የብሔራዊ ፊውቸርስ ማኅበር አባል መሆን አለበት። የአባላቱን መዝገብ nfa.futures.org/basicnet ላይ ማንም ሰው በነፃ ማየት ይችላል። የድርጅቱን ስም አስገብቼ ፈለግሁ፣ የለም። በአገራችን ደግሞ በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የኢንቨስትመንት አገልግሎት ለሕዝብ የሚሰጥ ሰው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ማኔጀሩ እዚያ መመዝገቡን ባለሥልጣኑን ራሱን ጠይቅ፤ ማኔጀሩን አትጠይቅ።

ይህ በሌላ ቦታ ደርሶ ያውቃል?

በአህጉራችን ውስጥ በደንብ የተመዘገበ አንድ ታሪክ አለ፤ የደቡብ አፍሪካው ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል ነው። ድርጅቱ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎች ቢትኮይን እንዲያስገቡ ያደርግ ነበር፤ ያለ ሰው እጅ የሚነግድ ሮቦት በፎሬክስ ገበያ እያተረፈ በወር እስከ 10 በመቶ እንደሚያስገኝላቸው ይነግራቸው ነበር። ሰው ያመጣ አባል ጉርሻ ያገኝ ነበር። አስተውል፤ የእነሱ በወር ነበር፣ የአንተ ማኔጀር ይህንኑ በሳምንት ነው የሚለው።

የአገሪቱ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ገንዘቡን እንዲያወጣ አስጠነቀቀ። ከምርመራው እንደታየው ድርጅቱ በእርግጥ የሠራው ጥቂት ንግድ ኪሳራ ነበር። ቢሆንም ብዙ አባላት ያመኑት በየቀኑ ስክሪናቸው ላይ የሚያድገውን ቁጥር ነበር፤ ማስጠንቀቂያውንም የቅናት ወሬ አድርገው ወሰዱት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገንዘብ ማውጣት ቆመ፣ መሥራቹም ወደ ብራዚል ሄደ። የአሜሪካ የፊውቸርስ ንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2022 ክስ ሲመሠርት ድርጅቱ ከሕዝብ የተቀበለው ቢያንስ 29,421 ቢትኮይን እንደሆነ ገለጸ፤ በአሜሪካ ብቻ የተጎዱት ቢያንስ 23,000 ሰዎች ነበሩ። በ2023 ፍርድ ቤቱ መሥራቹ ከ1.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለተጎጂዎች እንዲመልስ ወሰነ። ውሳኔ መኖሩ ግን ገንዘቡ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ኮሚሽኑ ራሱ እንዲህ ባሉ ውሳኔዎች ተጎጂዎች ገንዘባቸውን ላያገኙ እንደሚችሉ ያሳስባል። ደቡብ አፍሪካ የታወቀ ተቆጣጣሪና በስም የሚታወቅ ተከሳሽ እያላት ይህ ከሆነ፣ በቴሌግራም ስም ብቻ ከምናውቀው ሰው ምን ማስመለስ እንደምንችል አስብበት።

ገንዘቤን ላውጣ ስል ምን ይገጥመኛል?

ገንዘቡ የሚላከው በዩኤስዲቲ፣ ማለትም ዋጋው ከዶላር ጋር በተቆራኘ የክሪፕቶ ገንዘብ መሆኑን ነግረኸኛል። በባንክ ወይም በካርድ የተላከ ገንዘብ በቶሎ ከተደረሰበት አንዳንዴ ይታገዳል፤ ዩኤስዲቲ ግን አንዴ ወደ ሰውየው አድራሻ ከገባ የላከው ሰው ሊመልሰው አይችልም። በሥራዬ የማያቸው ሰዎች ወደ እኛ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ ከባንክ ወጥቶ ወደ ክሪፕቶ ከተቀየረ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ እኛ ልናደርግላቸው የምንችለው እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ለአንድ ሰው በስልክ መንገር ከባድ ነው፤ ለአንተ እንዲህ ያለ ነገር መንገር አልፈልግም።

ሰው ትርፉን ሳይሆን ዋናውን ገንዘብ በሙሉ ልውሰድ ሲል ንግግሩ ይለወጣል። መጀመሪያ «20 በመቶ ግብር ክፈል» ይባላል፤ ክፍያውም ከሒሳቡ ተቀንሶ ሳይሆን በአዲስ ገንዘብ እንዲላክ ይጠየቃል። ከዚያ «የማንነት ማረጋገጫ ተቀማጭ»፣ ከዚያም ሒሳቡን ለማስከፈት ሌላ ክፍያ ይመጣል። ትክክለኛ ብሮከር የሚያስከፍለው ነገር ካለው በእጁ ካለው ሒሳብህ ላይ ይቀንሳል፤ ግብርም የሚከፈለው ለመንግሥት ነው፣ ለማኔጀር በዩኤስዲቲ አይላክም። ገንዘብ ለማውጣት ገንዘብ እንድታስገባ ከተጠየቅህ ሒሳቡ ባዶ እንደሆነ ቁጠረው። ከዚያ በኋላ «የጠፋብህን እናስመልስልሃለን» የሚሉ ሌሎች ሰዎች ይመጣሉ፤ ስምህንና የጠፋውን መጠን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ስላገኙት ነው። ለእነሱም ቅድሚያ ክፍያ አትስጥ።

አሁን ምን እናድርግ?

ከራስህ ያስገባኸው 200 ዶላር እንዳለ ነግረኸኛል። ዛሬውኑ ትርፉን ሳይሆን ሙሉውን እንዲመልሱልህ ጠይቅ። ምክንያት አታብዛ፤ «ለቤተሰብ አስፈለገኝ» ማለት ይበቃል። ከጠየቅህ በኋላ ምናልባት «ይህን ሳምንት ብትጨምር ጉርሻ አለ» ይሉሃል፣ ወይም ደግሞ ጥቂቱን ብቻ ይልኩልሃል። ከመለሱልህ ተቀብለህ ውጣ፤ መመለሳቸውንም ለሌላ ሰው እንደ ማረጋገጫ አትጠቀምበት፣ 200 ዶላር መልሶ 3,000 መጠበቅ ለእነሱ አዋጭ ነውና። ክፍያ ከጠየቁህ ምንም ሳትጨምር አቁም። በሁለቱም መንገድ የቴሌግራም ንግግራችሁን፣ የላክህበትን የዩኤስዲቲ አድራሻና የግብይቱን መለያ ቁጥር ፎቶ አንሥተህ አስቀምጥ፤ ለፖሊስ ማመልከት ካስፈለገ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው። ቻናሉን ከመዝጋታቸው በፊት ማድረግ አለብህ።

የእማዬን ወርቅ ስለመሸጥ የተነጋገራችሁትን እባክህ ተወው። ይህን ለእሷም በስልክ እነግራታለሁ፤ አንተን ሳልወቅስ ነው የምነግራት።

ንግዱን ራሱን መማር ከፈለግህ አልከለክልህም። ቁጥጥር ባለበት ብሮከር ዴሞ አካውንት ክፈትና ለስድስት ወር ያህል በደብተር መዝግብ፤ የገባህበትን ምክንያት፣ የከፈልኸውን ስፕሬድ፣ የወጣህበትን ውጤት ጻፍ። በ1 ለ 30 ሌቨሬጅ ብቻ ሥራ፣ ዴሞውንም በ100,000 ሳይሆን በእውነት ሊኖርህ በሚችለው መጠን ሙላው። መዝገቡን አብረን እናየዋለን።

ባለፈው ዓመት ያነሣኸውን የስልክ ጥገና ሱቅ ግን አልረሳሁትም። ያኔ በዝርዝር ሳልጠይቅህ ማለፌ አሁን ይሰማኛል። የቤቱን ኪራይ መጠንና ስንት ወር ቅድሚያ እንደሚጠይቁ፣ የንግድ ፈቃድ ለማውጣት የሚያስፈልገውን፣ የመበየጃውንና የማይክሮስኮፑን ፕሮፎርማ ከሁለት ቦታ አስወጥተህ ላክልኝ። 3,000 ዶላር በአንድ ጊዜ አልችልም፤ ለዕቃው የሚሆነውን ግን በየደረጃው በቀጥታ ለሻጩ እከፍላለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፤ እስከዚያ ድረስ 200 ዶላሩን መጠየቅህንና ምን ብለው እንደመለሱልህ ጻፍልኝ።

የምትወድህ እኅትህ